«ይስተካከል»

ከብዙ ዓመታት ወረቀቶቼ መካከል አንድ ባለ አራት ገጽ ዝርዝር አለ። ወረቀቱ ወይቧል፤ ጠርዙም ተበልቷል። በ1999 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ በመራዊ የተሠራን ባለ አራት መማሪያ ክፍል ሕንፃ ስንረከብ በእጄ የጻፍሁት ነው። አርባ አንድ ተራ ቁጥሮች አሉት። ከአርባ አንዱ ሠላሳ ስምንቱ በአንድ ቃል ያበቃሉ፤ «ይስተካከል»። ይህችን ቃል ዛሬ በሰው ጽሑፍ ውስጥ ባየኋት ቁጥር እጄ ወደ እርሳስ ይሄዳል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

መራዊ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው የሚያገኟት ከተማ ናት። አፈሯ ቀይ፣ ክረምቷም ብርቱ ነው። ያን ጊዜ እኔ በተቆጣጣሪነት የተመደብሁ ወጣት መሐንዲስ ነበርሁ። ሕንፃው ተጠናቀቀ ሲባል አሠሪው፣ ተቋራጩና ተቆጣጣሪው በአንድነት ይዞሩታል፤ የቀሩትን ጥቃቅን ጉድለቶችም መዝግበው ይፈራረማሉ። ይህ ጊዜያዊ ርክክብ ይባላል፤ መዝገቡን የሥራው ሰዎች «ስናግ ሊስት» ይሉታል፤ እኔ የጉድለት ዝርዝር እለዋለሁ። ፊርማው ቀላል ነገር አይደለም። በዚያች ዕለት የመዘግየት ቅጣት መቁጠሩን ያቆማል፤ ከየክፍያው ተቀንሶ ከተያዘው መያዣ ገንዘብ ግማሹ ይለቀቃል፤ ሕንፃውን የመጠበቅ ኃላፊነት ወደ አሠሪው ይዞራል፤ የ365 ቀን የማረሚያ ጊዜም ይጀምራል። ከዚያ በኋላ በአሠሪው እጅ የሚቀረው የመያዣው ግማሽና ያ ዝርዝር ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም መታወቅ አለበት። የመንግሥት በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ስለዚህ በሀገራችን ብዙው ርክክብ በግንቦትና በሰኔ ይከማቻል። ተቋራጩ ገንዘቡን ይፈልጋል፤ አሠሪው በጀቱ እንዳይመለስበት ይፈራል፤ ተቆጣጣሪውም በሳምንት ሦስት ቦታ ይጠበቃል። ሁሉም መፈረም ይፈልጋል። ሰማዩም ገና ጥርት ያለ ነው፤ ጣሪያና አሸንዳ በደረቅ ወራት ጉድለታቸውን አይናገሩም። ክረምቱ የሚገባው ከፊርማው በኋላ ነው።

እኔም ያን ሕንፃ በሁለት ሰዓት ዞርሁት። ያየሁትን ሁሉ ጻፍሁ፤ አንዱንም አልደበቅሁም። ለምሳሌ ተራ ቁጥር 9 እንዲህ ይላል፦ «ክፍል 3፣ የግድግዳው ልስን ተሰንጥቋል፤ ይስተካከል።» ተራ ቁጥር 14፦ «አሸንዳው ያፈሳል፤ ይስተካከል።» ተራ ቁጥር 22፦ «የወለሉ ሊሾ ተሰነጣጥቋል፤ ይስተካከል።» ፈረምን። ተቋራጩ በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዲጨርስ ተስማማን። ሦስቱ ሳምንታት ሲያልቁ እኔ ሌላ ወረዳ ስለነበርሁ ዝርዝሬን ይዞ የሄደው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። እያንዳንዱን ተራ ቁጥር አይቶ፣ በየአንዳንዱ ላይ ምልክት አድርጎ ተመለሰ። አርባ አንዱም ተስተካክሏል።

መስከረም ላይ ትምህርት ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ርእሰ መምህሩ ደወሉልኝ። በማግሥቱ ሄድሁ። በአንደኛው ክፍል ከመስኮቱ አጠገብ ክንድ የሚያህል ልስን ወድቆ አንድ ዴስክ ላይ ተበታትኖ አገኘሁት። ዴስኩ ላይ ሦስት ልጆች ይቀመጣሉ። የወደቀው ሌሊት ስለነበር ማንም አልተነካም።

ነገሩን ለመረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የወደቀው ልስን እኔ በተራ ቁጥር 9 የጻፍሁት ነበር፤ ሆኖም ማንም አልነካውም። በፕላኑ ላይ ክፍሎቹ የሚቆጠሩት ከምዕራብ ነው፤ እኔም «ክፍል 3» ያልሁት በፕላኑ ነበር። ርእሰ መምህሩ ግን የግቢው በር በምሥራቅ ስለሆነ በበሮቹ ላይ ቁጥር ያስጻፉት ከምሥራቅ ጀምረው ነው። የፕላኑ ሦስተኛ ክፍል በበሩ ላይ 2 ተብሎ ተጽፏል። ሠራተኞቹ በሩ ላይ 3 የሚል አይተው ገቡ፤ እዚያም አንዲት የጸጉር ያህል ስንጥቅ አገኙ፤ ቀለም ቀቧት። ባልደረባዬም በሩ ላይ 3 የሚል አይቶ ገባ፤ ትኩስ ቀለም አየ፤ ምልክት አደረገ። ሁሉም እውነተኞች ነበሩ።

አሸንዳውም እንዲሁ። «ያፈሳል» ስላልሁ መጋጠሚያዎቹን በማሸጊያ ለቅልቀዋቸዋል። ችግሩ ግን መጋጠሚያው አልነበረም፤ አሸንዳው መሐል ላይ ወደ ታች ጎብጦ ውኃው ወደ መውረጃው አልሄድ ብሎ ነው። በሐምሌ ዝናብ ሞልቶ ግድግዳው ላይ ፈሰሰ። ውኃው በኮለኑ ጎን በነበረው ስንጥቅ ገብቶ ልስኑን ከብሎኬቱ አላቀቀው። ወለሉም ላይ ቀጭን የሲሚንቶ ውኃ አፍስሰው አስተካክለውት ነበር፤ ልጆች ሳይረግጡት ገና በወንበር ሲጎተትበት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ።

ተቋራጩ «የተባልነውን አስተካክለናል፤ ተፈርሞልናል» አለ። እኔም ወረቀቴን አውጥቼ ሳነበው መልስ አጣሁ። በማረሚያ ጊዜው ውስጥ ስለነበርን ከብዙ ክርክርና ከሁለት ወር ደብዳቤ በኋላ ፎርማኑ ከአንድ ለሳኝ ጋር መጣ። በዕድሜ አባቴን የሚያህል፣ ጋሼ የምለው ሰው ነበር። ለሳኙ ሲሠራ እኛ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ ቀስ ብሎ አነበበና፣ «ልጄ፣ እዚህ ላይ የጻፍኸው ቁጣህን ነው እንጂ ሥራ አይደለም። ለሳኙ ቁጣህን ተቀብሎ ምን ያድርገው?» አለኝ። ቀጥሎም ያላሰብሁትን ነገረኝ። እኔ «ይስተካከል» ስል ተቋራጩ የቀረውን ገንዘብ መቼ እንደሚያገኝ አያውቅም፤ ተቋራጩ ሳያውቅ እርሱም የራሱን የሁለት ወር ደመወዝ አያውቅም። ልኩ ያልተጻፈ ሥራ ለሰነፍ ማምለጫ እንደሚሆነው ሁሉ ለታታሪም መጨረሻ የለውም።

በዚያን ዘመን የቆጋ ግድብና የመስኖ ቦዮቹ ከመራዊ አጠገብ በመሠራት ላይ ነበሩ፤ 7000 ሄክታር መሬት ለማጠጣት የታሰበ፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋና ቦይ ያለው ሥራ ነው። በቦይ ሥራ የሰለጠነ አንድ ወዳጅ ነበረኝ። ማታ ቡና ላይ ታሪኬን ሳጫውተው ሳቀ። «እኛ ዘንድ እንዲያ ብትጽፍ ሰው ሲፈልግ ይመሻል» አለኝ። ቦይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ በር የለው፣ መስኮት የለው። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሮ ያለውን ርቀት ይጽፋሉ፤ 3+240 ግራ ጎን ሲሉ ከመነሻው 3 ኪሎ ሜትር ከ240 ሜትር፣ ውኃው በሚሄድበት አቅጣጫ በስተግራ ማለት ነው። ያን ቦታ ያላየ ሰው በሌሊትም ቢሆን ሜትር ዘርግቶ ያገኘዋል። ሕንፃ ክፍልና በር ስላለው ቦታው የታወቀ ይመስለናል፤ እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው።

በ2000 ዓ.ም. በዚያው ፕላን ሌላ ግቢ ውስጥ ሁለተኛ ሕንፃ ተሠራ። ፎርማኑም ያው ሰው ነበር። በዚህ ጊዜ ዙሩን የጀመርሁት ቁጥር በመስጠት ነው። በዝርዝሩ ራስ ላይ የፕላኑን ቁጥርና በበሩ የተጻፈውን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀመጥሁ። ግድግዳዎቹን ደግሞ በሩን ከኋላዬ አድርጌ ክፍሉ ውስጥ በመቆም ሰየምኋቸው፤ በሩ ያለበት ሀ፣ በስተግራዬ ያለው ለ፣ ፊት ለፊቴ ያለው ሐ፣ በስተቀኜ ያለው መ። ርቀት ሁሉ የሚለካው ግድግዳውን ፊት ለፊት እያዩ ከግራ ማዕዘኑ ነው፤ ከፍታ ሁሉ ከተጠናቀቀው ወለል ነው። አምስት መሥመር ጽሑፍ ናት። ከዚህ በኋላ «መስኮቱ አጠገብ» ብሎ መጻፍ አላስፈለገኝም።

የያዝሁት መሣሪያም ተለየ። ከሜትርና ከውኃ ልክ ሌላ ትንሽ መዶሻ፣ ጠመኔና ሁለት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ይዤ ሄድሁ። ሊሾውን በመዶሻው እጀታ እያንኳኳሁ ዞርሁ። ከሥሩ ካለው ኮንክሪት ጋር የተያያዘ ሊሾ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው ግን እንደ ባዶ ማሰሮ ይጮኻል፤ ላዩ ላይ ምንም ስንጥቅ ባይኖር እንኳ። ባዶ የሚጮኸውን በጠመኔ እየከበብሁ ለካሁት። ከዚያ መሰላል አስደግፈን ባልዲዎቹን በአሸንዳው መሐል አፈሰስናቸው። በግንቦት ፀሐይ ክረምትን ማየት የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው።

የዚያን ዓመት ዝርዝር ሁለት ተራ ቁጥሮች እንዳሉ ልገልብጣቸው።

«ተ.ቁ. 17። ቦታ፦ የፕላን ክፍል 3፣ የበር ቁጥር 2፣ ግድግዳ ሐ፣ ከግራ ማዕዘን 3.60 ሜትር፣ ከወለል እስከ ቢሙ ሥር። ጉድለት፦ ኮለኑና ብሎኬቱ በሚገናኙበት መሥመር ልስኑ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ተሰንጥቋል፤ ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል፤ በውጭም ይታያል። እርማት፦ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ 15 ሴንቲ ሜትር ልስኑ በቀጥታ መሥመር ተቆርጦ እስከ ብሎኬቱ ይነሣ፤ በመጋጠሚያው የቀረው ክፍተት በሲሚንቶና በአሸዋ ድብልቅ ይሞላ፤ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወንፊት ሽቦ በመጋጠሚያው ላይ ይመታ፤ ግድግዳው ረጥቦ ይለሰን፤ ልስኑ 7 ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ሲደርቅ ቀለሙ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይቀባ። በውጭውም ፊት እንዲሁ። ማረጋገጫ፦ ሽቦው ከተመታ በኋላ፣ ከመለሰኑ በፊት ተቆጣጣሪው ይጠራ።»

«ተ.ቁ. 23። ቦታ፦ የደቡብ አሸንዳ፣ ከምሥራቁ መውረጃ 6 ሜትር ላይ። ጉድለት፦ ውኃ ሲፈስበት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ተኝቶ ይቀራል፤ አሸንዳው ወደ መውረጃው ተዳፋት የለውም። እርማት፦ ከመሐል እስከ መውረጃው ባለው 16 ሜትር ክር ተወጥሮ መያዣዎቹ በየሜትሩ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ እያሉ እንደገና ይተከሉ። ማረጋገጫ፦ መሐል ላይ ሁለት ባልዲ ውኃ ፈስሶ ከ10 ደቂቃ በኋላ የተኛ ውኃ እንዳይገኝ፤ ከመጋጠሚያም እንዳይንጠባጠብ።»

በተራ ቁጥር 17 ላይ ለምን ሽቦ እንዳዘዝሁ ላስረዳ። ኮለን ኮንክሪት ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት ነው። ሁለቱ ሲደርቁም ሲሞቁም እኩል አይሸበሸቡም፣ እኩልም አይዘረጉም። በላያቸው ያለፈው ልስን አንድ ስለሆነ በመገናኛቸው ላይ ይቀደዳል። ስንጥቁን በቀለም ወይም በጂፕሰም ብትሞላው በሚቀጥለው በጋ እዚያው ይከፈታል። ሽቦው ያን መሳሳብ በሰፊው ልስን ላይ ያከፋፍለዋል። ሽቦውን ግን ከልስን በኋላ ማንም አያየውም፤ ስለዚህ «ከመለሰኑ በፊት ይጠራ» የምትለዋ ሐረግ ባትኖር የቀረው ሁሉ ተስፋ ብቻ ይሆን ነበር። ቀለሙም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የሆነው የተጠገነውን ብቻ ቢቀቡት ጥጋኑ እንደ ልብስ እራፊ ለዘላለም ስለሚታይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። እርማቱን በዝርዝር ያዘዘ ሰው፣ እርማቱ ካልሠራ ተቋራጩ «ያዘዝኸኝን ነው የሠራሁት» ይለዋል፤ እውነቱንም ነው። ስለዚህ አሠራሩን በዝርዝር የማዘው የውሉ የሥራ መግለጫ አስቀድሞ የጠየቀውን ብቻ ነው። በመጋጠሚያ ላይ ሽቦ እንዲመታ መግለጫችን ያዝዝ ነበር፤ ተቋራጩ ዘለለው፤ እኔ አስታወስሁት እንጂ አልፈለሰፍሁትም። መግለጫው ዝም ባለበት ግን የምጽፈው ውጤቱንና መፈተኛውን ነው። ለምሳሌ የበር እርማት ላይ ማጠፊያውን እንዲህ አድርጉ አላልሁም፤ በሩ ወለሉን ሳይነካ እስከ መጨረሻው ይከፈት፣ በአንድ ጣት ሲገፋ ይዘጋ፣ ቁልፉም ሳይታገል ይዙር አልሁ። እንዴት እንደሆነ አናጺው ያውቃል።

ሌላም አለ፤ በዝርዝር ውስጥ መግባት የሌለበት ጉድለት። በክፍል 1 ከመስኮቱ ታችኛ ማዕዘን ተነሥቶ በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ እየወረደ ሰያፍ የሄደ ስንጥቅ አየሁ። ከኮለን ጎን ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅ የልስን ነገር ነው፤ ሰያፍ የሄደ ግን መሠረቱ እየተቀመጠ ይሆናል። እርሱን «ይለሰን» ብሎ መጻፍ ጥያቄውን መቅበር ነው። ስንጥቁ ያለቀበትን ጫፍ በእርሳስ አሠመርሁና ቀኑን ጻፍሁበት፤ በሁለት ቦታም በላዩ የጂፕሰም ልጥፍ አደረግሁ። ጂፕሰም አይሳብም፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። በቃለ ጉባኤው ላይም ክትትሉ እስኪያልቅ ይህ ግድግዳ እንዳልተረከብነው ለብቻው አስጻፍሁ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሠሪውን ለሕንፃው ጽናት ለ10 ዓመት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ሆኖም ስንጥቁ መቼ እንደጀመረ የሚናገር ነገር ከሌለ ክርክሩ ረጅም ነው። ልጥፎቹ በክረምቱ መጨረሻ ሳይሰበሩ ተገኙ፤ ስንጥቁም ያን ጊዜ ተጠገነ።

ሁለተኛው ዝርዝር ሃያ ዘጠኝ ተራ ቁጥር ብቻ ነበረው፤ ለመጻፍ ግን ቀኑን ሙሉ ወሰደብኝ። ተቋራጩ ተቆጣ፤ በጀት ሊዘጋ ነው አለ። ፎርማኑ ግን ወረቀቱን ወስዶ በእያንዳንዱ ተራ ቁጥር ጎን የለሳኝ፣ የአናጺ፣ የቀለም ቀቢ እያለ ምልክት አደረገበትና ለሁሉም በየሙያቸው አከፋፈለው። ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደሚያስፈልግም እዚያው ቆሞ አሰላ። «ይኼ ሥራ ነው» አለኝ።

አሁን ሁሉም በስልኩ ፎቶ ያነሣል። በቅርቡ አንድ ወጣት መሐንዲስ የላከልኝን ዝርዝር አየሁ፤ ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፤ ስንጥቁ በቀይ ተከቦ ይታያል። የየትኛው ክፍል ግድግዳ እንደሆነ ግን ስጠይቀው እርሱም ለማስታወስ ተቸገረ። ከሥሩም «ይስተካከል» የሚል ጽፏል። ይህን የምጽፈው በእርሱ ምክንያት ነው።

የመጨረሻው ርክክብ በ2001 ዓ.ም. ሲደረግ እኔ ተዛውሬ ነበር። የተተካው ልጅ ሕንፃውንም እኔንም አይቶ አያውቅም። ወረቀቱን ይዞ፣ በሩን ከኋላው አድርጎ ቆሞ፣ ሜትሩን ከግራ ማዕዘን ዘርግቶ እያንዳንዱን ቦታ አገኘ። አሸንዳው ላይ ሁለት ባልዲ ሲያፈስስ ከአንድ መጋጠሚያ ተንጠባጠበ፤ አልፈርምም አለ። ፎርማኑ አልተከራከረውም፤ ከሰዓት በኋላ መጋጠሚያውን ፈቶ አሽጎ እንደገና አፈሰሱበት፤ አልተንጠባጠበም። በዚያው ቀን ተፈራረሙ፤ የመያዣው ግማሽም ተለቀቀ። ይህን የነገረኝ ራሱ ፎርማኑ ነው። የደወለልኝ ደመወዙን የተቀበለ ዕለት ነበር።